የሦስት ጊዜ ግዢ በአንድ ዳቦ ዋጋ

ጥር ሲገባ እንፍራንዝ ውስጥ ዳቦ ቤት ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም። ለጥምቀት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መኪና በከተማዋ መሐል ያልፋል፤ የጉዛራን ግንብ ለማየት ጎራ የሚለው መንገደኛም ሻይ በዳቦ ሳይቀምስ አይሄድም። ሠርጉም የሚበዛው በዚሁ ወር ነው። ዳቦው ከምድጃ ወጥቶ ሳይበርድ ያልቃል። ታዲያ ወሩ ሲያልቅ ብዙ ጋጋሪ የሚለው ነገር ያስገርማል፦ «ሥራ ነበር፣ ገንዘቡ ግን የት እንደገባ አላውቅም።»

ወዳጄ፣ ያ ገንዘብ የገባበት ቦታ ይታወቃል። እርሳስ፣ አንድ ደብተርና ሞባይል ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቁናል። ማካፈል የቻለ ሰው ይህንን ሒሳብ ይችለዋል፤ ስለዚህ «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» የሚለውን ለዛሬ እዚያው ደጅ ላይ ተዉት።

እስቲ እንፍራንዝ ላይ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ እናስብ። ዋጋዎቹን ለሒሳቡ እንዲመቹ እኔ አስቀምጣቸዋለሁ፤ እናንተ በራሳችሁ ደረሰኝ ተኩ። ፉርኖ ዱቄት የምታመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከጎኗ ያለው የፎገራ ሜዳ ስሙ የተነሣው በሩዝ ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን ጎንደር ሄዳ 3 ኩንታል ገዛች። የፋብሪካው ደረሰኝ ለኩንታል 6,850 ብር ይላል። ለመኪናና ለጫኝ አውራጅ ደግሞ በኩንታል 150 ብር ከፈለች። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የዱቄቱ ዋጋ ደረሰኙ ላይ ያለው 6,850 አይደለም፤ መጋዘኗ ውስጥ እስኪወርድ ድረስ የወጣበት 7,000 ብር ነው። የመኪናውን ገንዘብ «የመንገድ ወጪ» ብሎ ለብቻ የሚረሳ ሰው ሒሳቡን ገና ሳይጀምር ተበልቷል።

ለገና ዳቦ ስለተፈለገ ታኅሣሥ 26 ቀን እዚያው ከተማዋ ውስጥ ካለ ነጋዴ 5 ኩንታል በ7,600 ብር ወሰደች። ይህ ደጃፏ ድረስ የመጣ ስለሆነ ተጨማሪ የለውም። ጥር 2 ቀን ሌላ ነጋዴ ከጎንደር ደወለላት፦ «እታለም፣ ከዚህ በላይ ሳይጨምር የጥምቀቱን ዛሬ ውሰጂ።» እሷም ደነገጠችና በአንድ ጊዜ 12 ኩንታል አስጫነች፤ 8,600 በደረሰኝ፣ 200 ለመኪናና ለወዛደር፣ በድምሩ 8,800 ብር በኩንታል።

አሁን «ዱቄት ስንት ገባሽ?» ብትባል ምን ትመልስ? ብዙ ሰው የሚያደርገው ሦስቱን ዋጋ ደምሮ ለሦስት ማካፈል ነው። 7,000፣ 7,600 እና 8,800 ሲደመሩ 23,400፤ ለሦስት ሲካፈል 7,800 ብር። ንጹሕ ቁጥር ነው፣ ለማስታወስም ይመቻል። ግን ውሸት ነው። ይህ ስሌት 3ቱን ኩንታልና 12ቱን ኩንታል እኩል ድምፅ ሰጥቷቸዋል። አንድ እንስራ ፍል ውኃ ውስጥ አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ብትጨምሩ ውኃው ለብ አይልም፤ ብዙው ያይላል። ዱቄቱም እንደዚያው፣ ውዱ ብዙ ከሆነ አማካዩ ወደ ውዱ መሳብ አለበት።

ትክክለኛው መንገድ ዋጋን ከመደመር በፊት በመጠኑ ማባዛት ነው። 3 ኩንታል በ7,000 ብር 21,000 ብር ነው። 5 ኩንታል በ7,600 ብር 38,000 ብር። 12 ኩንታል በ8,800 ብር 105,600 ብር። ከኪሷ የወጣው ጠቅላላ 164,600 ብር ሆነ፣ የገባላት ዱቄት ደግሞ 20 ኩንታል። ገንዘቡን ለኩንታሉ ስናካፍል 8,230 ብር ይመጣል። በመጠን የተመዘነ አማካይ የሚባለው ይህ ነው። ከ7,800 ጋር ያለው ልዩነት በኩንታል 430 ብር ነው፤ በ20 ኩንታል 8,600 ብር። ከአንድ ኩንታል ዱቄት ደረሰኝ እኩል ማለት ነው!

ማረጋገጫውም ቀላል ነው፣ ሁልጊዜ አድርጉት። ያገኛችሁትን አማካይ በጠቅላላው ኩንታል አባዙት። 8,230 በ20 ሲባዛ 164,600 ይመጣል፣ ልክ ከኪስ የወጣውን። 7,800 በ20 ሲባዛ ግን 156,000 ነው። ቀሪውን 8,600 ብር ማንም አልሰረቃትም፤ ደብተሯ ላይ ስላልተጻፈ ብቻ የጠፋ መሰላት። ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር የሚነካ ልጅ ካለ ኤክሴል ላይ መጠኑን ከB2 እስከ B4፣ ዋጋውን ከC2 እስከ C4 ጽፎ ይህችን አንድ መስመር ቢያስገባ ያው 8,230 ይመጣለታል፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B4,C2:C4)/SUM(B2:B4)
```

እዚህ ድረስ ከመጣችሁ ግማሹን ጨርሳችኋል። የሚቀረው ግን እኔ ይበልጥ የምወደው ክፍል ነው፤ ብዙ የተማረ ሰው እንኳን የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

20 ኩንታሉ በአንድ ቀን መጋዘን ውስጥ ተገናኝቶ አያውቅም። ሦስተኛው ግዢ ሲመጣ የመጀመሪያው አብዛኛው ተበልቶ ነበር። ስለዚህ 8,230 «ከታኅሣሥ 22 ወዲህ የገዛሁት ሁሉ በአማካይ ስንት ገባኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ጥር 3 ቀን ጠዋት ለሚጋገረው ዳቦ ዋጋ ለማውጣት ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ «አሁን መጋዘን ውስጥ ያለው ዱቄት ስንት ገብቶኛል?»

ይህንን ለማወቅ ዱቄት በገባ ቁጥር አማካዩን ማደስ ነው። ከመጀመሪያው 3 ኩንታል ሁለቱን ጋግራ 1 ኩንታል ቀርቷት ነበር፣ 7,000 ብር የሚያወጣ። በላዩ 5 ኩንታል በ38,000 ብር መጣ። አሁን ቤት ውስጥ ያለው 6 ኩንታል፣ ገንዘቡም 45,000 ብር ነው፤ ለኩንታል 7,500 ብር። ከዚህ ላይ እስከ ጥር 2 ድረስ 3 ኩንታል ጋገረች። የቀረው 3 ኩንታል በ7,500 ሒሳብ 22,500 ብር ነው። ያንን 12 ኩንታል በ105,600 ብር ስትቀላቅልበት 15 ኩንታል በ128,100 ብር ይሆናል። ሲካፈል 8,540 ብር።

የደብተሯ ገጽ እንግዲህ ብዙ አያስጨንቅም። ቀን፣ የገባ ኩንታል፣ የወጣ ኩንታል፣ የቀረ ኩንታል፣ የቀረው ገንዘብ፣ የኩንታል ዋጋ፤ ስድስት ዓምድ ነው። ዱቄት ሲወጣ የኩንታሉ ዋጋ አይለወጥም፣ መጠኑና ገንዘቡ ብቻ ይቀንሳሉ። የኩንታሉ ዋጋ የሚለወጠው ዱቄት ሲገባ ብቻ ነው። ይህንን ሕግ የያዘ ሰው ደብተሩ ላይ አይሳሳትም። ትልልቅ ድርጅቶችም የሚሠሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ ለእንዲህ ዓይነት ተመሳሳይ ዕቃ ሁለት መንገድ ይፈቅዳል፤ አንዱ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ወጣ ብሎ መቁጠር፣ ሌላው ይኸው በመጠን የተመዘነው አማካይ ነው። የእንፍራንዟ ጋጋሪና የአዲስ አበባው ፋብሪካ የሒሳብ ሹም በዚህ ነገር ተቀምጠው ቢጨዋወቱ ይግባባሉ።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። አማካዩ ደብተር ላይ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ግን የቆየው ጆንያ ቀድሞ ይወጣል። አዲሱን ከፊት ደርድሮ አሮጌውን ከኋላ መርሳት ነቀዝ መጋበዝ ነው። ጆንያውን ከወለል በእንጨት ከፍ አድርጉ፣ ከግድግዳ አርቁ፣ የገባበትን ቀን በከሰል ጻፉበት። እግረ መንገዳችሁን ጆንያውን መዝኑት። 50 ኪሎ የተባለው ጆንያ 49 ቢሆን በ8,800 ብር የገዛችሁት ኩንታል 98 ኪሎ ነው፤ አንድ ኪሎ 88 ብር ሳይሆን 89 ብር ከ80 ሳንቲም ገባችሁ ማለት ነው። በመጠን የሚመዘን አማካይ መጠኑ ራሱ ከተሳሳተ አያድናችሁም።

አሁን ወደ ዳቦው እንሂድ። ዱቄት በኩንታል ይገዛል፣ ዳቦ በፍሬ ይሸጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ «ከአንድ ኩንታል ስንት ዳቦ ይወጣል?» የሚለው ነው። 100 ኪሎ ዱቄት 60 ሊትር ያህል ውኃ ጠጣ እንበል፣ ጨው፣ እርሾ፣ ዘይትና ስኳሩ አንድ ላይ 2 ኪሎ። 162 ኪሎ ሊጥ ሆነ። አንድ ኪሎ ያህሉ ማቡኪያው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይና እጅ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሚቆረጠው 161 ኪሎ ነው። 100 ግራም የሚመዝን ዳቦ ለማውጣት ሊጡ 115 ግራም ያህል መቆረጥ አለበት፣ ምድጃ ውስጥ ውኃው ይተናልና። 161 ኪሎ በ115 ግራም ሲካፈል 1,400 ዳቦ ይወጣል።

ይህ 1,400 ግን ከምድጃ የሚወጣው ነው፣ ገንዘብ የሚሆነው አይደለም። የሚያርር አለ፣ የሚጣመም አለ፣ እስከ ማታ ሳይሸጥ አድሮ የሚደርቅ አለ፣ ለሠራተኛ ቁርስ የሚሆን አለ። ከመቶ አምስት ብንይዝ 70 ዳቦ ነው። የሚሸጠው 1,330 ሆነ።

ከዱቄት ሌላ ያለውን ወጪም በኩንታል እናስላው። እርሾ፣ ጨው፣ ዘይትና ስኳር 500 ብር፤ መብራትና እንጨት 450፤ የአቡኪና የጋጋሪ ደመወዝ 800፤ የቤት ኪራይና ሌላው ልዩ ልዩ 350። በድምሩ 2,100 ብር። የዱቄቱን 8,540 ስንጨምርበት 10,640 ብር ይሆናል። ለ1,330 ዳቦ ሲካፈል ቁርጥ ያለ 8 ብር።

እንግዲህ ያቺን የመጀመሪያዋን የተሳሳተች ስሌት መልሰን እንያት። ጋጋሪያችን ዱቄቱን 7,800 ብላ ብትይዝ፣ የሚባክነውንም ብትረሳ ኖሮ 7,800 እና 2,100 ደምራ 9,900 ብር ታገኛለች፤ ለ1,400 ዳቦ ስታካፍል 7 ብር ከ7 ሳንቲም ይመጣላታል። «8 ብር ብሸጥ በዳቦ 93 ሳንቲም አተርፋለሁ፣ በኩንታል 1,300 ብር» ትላለች። በ15 ኩንታል 19,500 ብር! በዚያ ገንዘብ የአዲስ ማቡኪያ ቅድሚያ ክፍያ አስባ ይሆናል። እውነቱ ግን በ8 ብር ሸጣ ከኩንታል የምታገኘው 10,640 ብር ነው፣ ያወጣችውም 10,640 ብር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ፣ በጭስ ዓይኗ ቀልቶ፣ የጥምቀትን ሕዝብ አብልታ ትርፏ ዜሮ ነው። «ገንዘቡ የት እንደገባ አላውቅም» የሚባለው ይህ ነው።

በ9 ብር ብትሸጥስ? በዳቦ 1 ብር፣ በኩንታል 1,330 ብር፣ በ15 ኩንታል 19,950 ብር። በአንድ ብር የዋጋ ልዩነት ማቡኪያው ከሕልም ወደ ቤት ገባ። ደንበኛ «ለምን ጨመርሽ?» ሲላት ደግሞ የምታሳየው ገጽ አላት። በወሬ ዋጋ የጨመረ ሰው ሲከራከሩት ይንቀጠቀጣል፤ ደብተር የያዘች ግን «ጋሼ፣ ዱቄቱ ብቻ በዳቦ 6 ብር ከ42 ሳንቲም ገብቶኛል» ብላ ቀና ትላለች።

አንዳንዱ ዋጋ መጨመር ስለሚከብደው ግራም ይቀንሳል። እኔ ይህን አልመክርም። የዳቦ ክብደት በንግድ ጽሕፈት ቤት በተወሰነበት ቦታ ሚዛን ይዘው ሲመጡ ያስቀጣል፤ ሰውም በእጁ ያውቀዋል። ይልቅ የራስን ቆራጭ መቆጣጠር ይሻላል። በዓይኑ የሚቆርጥ ልጅ 115 ግራም ሊሆን የሚገባውን 120 ቢያደርገው ከ161 ኪሎ የሚወጣው 1,341 ዳቦ ብቻ ነው። በየኩንታሉ 59 ዳቦ በነጻ ታደለ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከእያንዳንዱ ኩንታል የወጣውን ዳቦ ቁጠሩ፤ ቁጥሩ በድንገት ከወረደ ወይ ቆራጩ እጁ ከብዷል፣ ወይ ጆንያው ጎድሏል፣ ወይ ዱቄቱ ተቀይሯል።

ዱቄቱ ተቀይሯል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አማካይ የሚሠራው ሦስቱ ግዢ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ደካማ ዱቄት ውኃ አይችልም። 60 ሊትር የጠጣው ቀርቶ 55 ብቻ የሚጠጣ ከመጣ የሚቆረጠው ሊጥ 156 ኪሎ ይሆናል፣ ዳቦውም ወደ 1,356 ይወርዳል። በኩንታል 200 ብር የረከሰ ቢሆን እንኳን 44 ዳቦ አጉድሎ ከረከሰበት በላይ ይወስዳል፤ ከሚሸጠው የጎደለው 42 ዳቦ ብቻ በ9 ብር 378 ብር ነውና። እንዲህ ያለውን ዱቄት ከሌላው ጋር በአንድ አማካይ አትቀላቅሉት፣ የራሱን ገጽ ስጡት።

ሌላም ገደብ አለ። 8,540 ያለፈውን ይናገራል። ነገ መጋዘኑ ሲያልቅ የሚገዛው ግን በ8,800 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ዋጋ እየወጣ ባለበት ሰሞን አማካዩ ሁልጊዜ ከገበያው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ዋጋ ስትቆርጡ በአዲሱ ግዢም አንድ ጊዜ ሞክሩት። በ8,800 ሲሰላ አንዱ ዳቦ 8 ብር ከ20 ሳንቲም ይገባል። በ9 ብር አሁንም 80 ሳንቲም አለ፣ ስለዚህ ዋጋው ይቆያል። በ8 ብር ከ50 የምትሸጥ ቢሆን ግን የተረፈው 30 ሳንቲም ብቻ ስለሚሆን አንድ ዙር የዱቄት ጭማሪ ይበላው ነበር።

ሲረክስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ደስ የሚለውም ክፍል እሱ ነው። ጥምቀት አለፈ፣ መንገዱ ቀዘቀዘ፣ ዱቄት 8,000 ብር ገባ እንበል። እሷ 5 ኩንታል በ8,540 ቀርቷታል፣ 42,700 ብር። 10 ኩንታል በ80,000 ብር ጨመረች። 15 ኩንታል በ122,700 ብር፤ ለኩንታል 8,180። ዳቦው አሁን 7 ብር ከ73 ሳንቲም ይገባታል፣ በ9 ብር ትርፉ 1 ብር ከ27 ሳንቲም፣ በኩንታል 1,690 ብር ነው።

እዚህ ላይ ጎረቤቷ ያለው ዳቦ ቤት ዳቦውን ተለቅ ማድረግ ቢጀምር ምን ታድርግ? በ9 ብር 105 ግራም ብትሰጥ ሊጡ 121 ግራም ይቆረጣል፤ ከኩንታል 1,330 ዳቦ ወጥቶ አምስት በመቶው ሲቀነስ 1,264 ይሸጣል። ገቢው 11,376፣ ወጪው 10,280፣ ትርፉ 1,096 ብር። 1,690 የነበረው ወደ 1,096 ወረደ። ያንኑ ትርፍ ለማግኘት ቀድሞ አንድ ኩንታል በምታቦካበት ጊዜ አሁን ከአንድ ኩንታል ተኩል ትንሽ በላይ ማቡካትና መሸጥ አለባት። ኪራዩ በሽያጩ ልክ ስለማይጨምር ከዚያ ጥቂት ባነሰም ይበቃታል። በየካቲት ብርድ ጠዋት ደጃፏ ላይ ያን ያህል ሰው ይሰለፋል ወይስ አይሰለፍም የሚለውን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ 5ቱን ግራም ከመጨመሯ በፊት ግን ስንት ሰው እንደሚያስፈልጋት አሁን ታውቃለች።